ባንኮክ ላለው አከራይ እንደገና ምን ብዬ ልጻፍ?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። እናቴን ለጉልበት ቀዶ ሕክምና ባንኮክ ልወስዳት ነው። ሐኪሙ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ትቆያላችሁ ብሎናል። ሆስፒታሉ አጠገብ አንድ መኝታ ቤት ያለው ኮንዶ በኤርቢኤንቢ አገኘሁ፤ ለአንድ ሌሊት 1,200 ባት ይላል። ለ24 ሌሊት ፈልጌ ለአከራዩ ‹የመጨረሻ ስንት ነው? እናቴ ታማብኛለች፣ እባክህ ቀንስልን። ጁን 9 በ12:40 ስለምንደርስ ቁልፉን አዘጋጅልን› ብዬ ጻፍኩለት። ‹ዋጋው ገጹ ላይ አለ፤ መግቢያ ከ3 በኋላ ነው› ብሎ ብቻ መለሰልኝ። ወጪውን የሚችለን ዳላስ ያለው ወንድሜ ነው፤ እሱ ደግሞ ስልኩን ተቀበዪውና በካሽ ተስማሙ ይለኛል። ምን ብዬ ልጻፍለት?
ብ. ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ከዋጋው በፊት የሰዓቱን ነገር እናስተካክል፤ እሱ ይብሳልና። ወደ አገራችን ሰዓት የሚደረገውን ቅየራ ለምደነው ሳናስበው ነው የምንጽፈው። ቲኬትሽ ላይ የታተመው 06:40 ይመስለኛል፤ አንቺ ግን በእኛ አቆጣጠር 12:40 ብለሽ ብቻ ላክሽለት። ባንኮክ ያለ ሰው 12:40 ሲባል የሚታየው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። እሱም «ከ3 በኋላ» ያለሽ ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው እንጂ ጠዋት 3 ሰዓት አይደለም። እሱ ሁለት ሰዓት ከምናምን ብትጠብቁ ምን ይላችኋል ብሎ አስቦ ይሆናል። እውነቱ ግን ከስምንት ሰዓት በላይ ነው፣ ያውም ቆማ መጠበቅ የማትችል እናት ይዘሽ። ከእንግዲህ ሰዓት ስትጽፊ ቲኬቱ ላይ እንዳለው ገልብጪ፣ «በባንኮክ ሰዓት ከጠዋቱ» የሚለውንም ጨምሪበት። ቲኬትሽን አሁኑኑ አውጥተሽ ተመልከቺ።

አሁን ወደ ዋጋው። «የመጨረሻ ስንት ነው?» መርካቶ ላይ ይሠራል፤ ሻጩ ፊትሽን ያያል፣ ስትሄጂም መልሶ ይጠራሻል። ሩቅ አገር ያለ አከራይ ግን የሚያየው ጽሑፍሽን ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን የቤቴን ምድር ቤት ለዓመታት በዚህ መንገድ አከራይቻለሁና የእነሱን ወገን አውቀዋለሁ። በሳምንት ውስጥ «የመጨረሻ ስንት?» የሚል መልእክት ብዙ ይመጣል፤ ከነዚያ ውስጥ በእውነት ቤቱን የሚይዘው አንድ ሁለት ሰው ነው። የሰውየው መልስ አጭር የሆነው ጨካኝ ሆኖ አይመስለኝም፤ የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው ቁጥር ስላልሰጠሽው ነው። የእናትሽን ሕመምም ያነሳሽው ልመና አድርገሽ ነው። ሕመሟ መነሳት ያለበት ስለ ሊፍቱና ስለ መታጠቢያ ቤቱ ስትጠይቂ ነው፤ እዚያ ላይ ቁም ነገር ይሆናል።

ቅናሹን የሚያመጣልሽ የሌሊቱ ቁጥር ነው። አከራዮች በኤርቢኤንቢ ላይ ለ7 ሌሊትና ከዚያ በላይ የሳምንት ቅናሽ፣ ለ28 ሌሊትና ከዚያ በላይ ደግሞ የወር ቅናሽ አስቀድመው ማስቀመጥ ይችላሉ። አንቺ የጠየቅሽው 24 ሌሊት ነው፤ ከወሩ ቅናሽ በአራት ሌሊት ጎደልሽ። ገጹ ላይ ቀኑን እየቀያየርሽ አስገቢና የዋጋውን ዝርዝር ክፈቺው፤ ቅናሽ ካለ በራሱ መስመር ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

አከራይሽ ለሳምንት 10 በመቶ፣ ለወር 35 በመቶ አስቀምጦ ቢሆን እንዴት እንደሚመጣ እንየው። 24 ሌሊት በ1,200 ሲባዛ 28,800 ባት ነው፤ 10 በመቶው ሲወርድ 25,920 ይሆናል። 30 ሌሊት 36,000 ባት ነው፤ 35 በመቶው ሲወርድ 23,400 ይመጣል። ስድስት ሌሊት ጨምረሽ 2,520 ባት ተረፈሽ ማለት ነው። ሐኪሙ «ከ3 እስከ 4 ሳምንት» ሲል ደግሞ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ላይ ቁስሉ እስኪታይና የፊዚዮቴራፒው ቀጠሮ እስኪያልቅ የሚዘገይ ብዙ ሰው ስላለ፣ 30ው ሌሊት ለራስሽም መተንፈሻ ይሰጥሻል።

30 የምልሽ ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱ ታይላንድን ብቻ የሚመለከት ነው። በአገሪቱ የሆቴል ሕግ መሠረት ቤትን ከወር ላነሰ ጊዜ በሌሊት ሒሳብ ማከራየት የሆቴል ፈቃድ ይጠይቃል። የግል ኮንዶ ያለው ሰው ያ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ብዙ ሕንፃዎች መግቢያቸው ላይ «የቀን ኪራይ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈዋል፤ ጥበቃዎቹም ሻንጣ የያዘ ሰው ሲያዩ ይጠይቃሉ። 24 ሌሊት ያልሽው አከራይ ይህ በልቡ ይኖራል። 30 ሌሊት ስትዪው ከዚህ ጭንቀት ታወጪዋለሽ፣ አንቺም እናትሽን በተሽከርካሪ ወንበር ይዘሽ ሪሴፕሽን ላይ ከመጨቃጨቅ ትድኛለሽ። አስቦ የሚያከራይ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ መልእክትሽን በሌላ ዓይን ነው የሚያነበው።

የጠዋቱን መግቢያም ይኸው ቁጥር ይፈታልሻል። አውሮፕላኑ 06:40 ካረፈ፣ ከኢሚግሬሽንና ከሻንጣው በኋላ ታክሲ ይዛችሁ በር ላይ የምትደርሱት 2 ሰዓት ተኩል ወይም 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ በእነሱ 08:30 ወይም 09:00 ማለት ነው። አከራዩ በነፃ ቀደም ብላችሁ ግቡ ሊላችሁ የሚችለው ከጁን 8 ወደ 9 በሚያድረው ሌሊት ቤቱ ባዶ ከሆነ ብቻ ነው። ሌላ ሰው አድሮበት ከሆነ፣ ያ ሰው እኩለ ቀን ገደማ ወጥቶ፣ አንሶላ ተቀይሮ፣ ወለሉ ታጥቦ ነው እናንተ የምትገቡት፤ እዚያ ላይ አከራዩ ደግ ቢሆንም የሚያደርገው የለም። ስለዚህ ካላንደሩን ተመልከቺ። ጁን 8 ክፍት ከሆነ፣ ደግነቱን አትጠይቂው፤ ሌሊቱን ራሱን ያዢው። በወሩ ቅናሽ አንድ ሌሊት የሚመጣብሽ 780 ባት ነው። ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ሆቴል ከመፈለግ ይህ ይሻላል፤ እናትሽም ቀጥታ አልጋዋ ላይ ትወጣለች። ከጁን 8 እስከ ጁላይ 8 ስትቆጥሪው ልክ 30 ሌሊት ይሆናል።

ይህን ስታደርጊ ግን አንድ ነገር በግልጽ ጻፊለት፦ ቀኑ የሚጀምረው ጁን 8 ቢሆንም እናንተ የምትደርሱት ጁን 9 ጠዋት መሆኑን። አለበለዚያ ማታ ሲጠብቅ ሳትመጡ ስትቀሩ እንደቀራችሁ ይቆጥርና ነገር ይበላሻል። ሌሊቱ ተይዞ ካገኘሽው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጠይቂ፦ ሻንጣ ሪሴፕሽን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ፣ ታች እናቴ የምትቀመጥበት ወንበርና መጸዳጃ አለ ወይ፣ ቤቱስ ቶሎ ከጸዳ ስንት ሰዓት ሊከፈትልን ይችላል።

ጁን ባንኮክ የዝናብ ወቅት ነው፤ ጎብኚ የሚበዛው ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው። ካላንደሩ ላይ ብዙ ባዶ ቀን ካየሽ ከወሩ ቅናሽ በላይም መጠየቅ ትችያለሽ። ለእሱ የሚጠቅመውን አስቢ፦ በአንድ ወር አምስት እንግዳ ቢያስተናግድ አምስት ጊዜ ያጸዳል፣ አምስት ጊዜ ቁልፍ ያስረክባል፣ በመካከሉ ባዶ የሚያድር ሌሊትም ይኖራል። አንቺ አንድ ጊዜ ገብተሽ አንድ ጊዜ ትወጫለሽ። እኔ በነበረኝ ጊዜ ወር የሚቆዩ ሁለት ሰዎች ሲጽፉልኝ ያለማቅማማት የምቀንሰው ለዚህ ነበር። ከመጻፍሽ በፊት ግን አከራዩ ስንት ቤት እንዳለው ፕሮፋይሉን ክፈቺ። በአንድ ስም ሠላሳ አርባ ቤት የሚያከራይ ድርጅት ዋጋውን በሥርዓት ነው የሚያስቀምጠው፤ ከእሱ ጋር መከራከር ብዙ አያዋጣም። አንድ ወይም ሁለት ቤት ያለው ግለሰብ ይቀንሳል።

መልእክቱን እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር። ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሺው አረፍተ ነገሮቹን አጭር አድርጊ፦

«ሰላም። ለመጀመሪያው መልእክቴ ይቅርታ፣ ሰዓቱን ተሳስቼ ነበር የጻፍኩት። እኔና እናቴ፣ ሁለት ሰዎች፣ ቤትዎን ከጁን 8 እስከ ጁላይ 8፣ 30 ሌሊት መያዝ እንፈልጋለን። ለሕክምና ነው የምንመጣው፤ ሌላ እንግዳ አናስገባም፣ አናጨስም። የምንደርሰው ጁን 9 በባንኮክ ሰዓት ከጠዋቱ 06:40 ነው፤ ቤቱ ጋ 09:00 አካባቢ እንሆናለን። የጁን 8ን ሌሊት የምንከፍለው ጠዋት ወዲያው ለመግባት ነው። የጽዳት ክፍያውን ጨምሮ በ22,000 ባት ስፔሻል ኦፈር ሊልኩልኝ ይችላሉ? ከላኩልኝ በዚያው ቀን እከፍላለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ፦ መታጠቢያ ቤቱ መግቢያ ላይ ደረጃ አለው ወይ? መብራት በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ በቆጣሪ ለብቻው?»

እንዲህ ያለ መልእክት ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። «20,000 ወይም 22,000» ብትዪው የትኛውን እንደምትፈልጊ አንቺም አታውቂም ማለት ነው። የጽዳት ክፍያው 800 ባት ቢሆን ገጹ ላይ ያለው ድምር 24,200 ይሆናል፤ 22,000 መጠየቅ ከመቶ ዘጠኝ ገደማ ቅናሽ ነው፣ የሚያስቀይም አይደለም። 23,000 ብሎ ቢመልስልሽ ተቀበዪው። ገጹ ላይ ያለውን የወር ቅናሽ ሳታዪ ግን ይህን ቁጥር እንዳትልኪ፤ ቅናሹ 50 በመቶ ሆኖ ከተገኘ 22,000 ከገጹ ዋጋ ይበልጣልና።

ስፔሻል ኦፈር የሚባለው አከራዩ ቀኑንና ዋጋውን ራሱ ሞልቶ በመልእክት መስመሩ ውስጥ የሚልክልሽ የዋጋ ቅጽ ነው። ከተላከ በኋላ የሚቆየው 24 ሰዓት ብቻ ነው። በእነዚያ ሰዓቶች ውስጥ ቤቱ ላንቺ አይዘጋም፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ሊይዘው ይችላል። አንቺ አዲስ አበባ ነሽ፣ ባንኮክ ካንቺ በ4 ሰዓት ይቀድማል፣ ዳላስ ደግሞ በዚያ ወቅት በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። አከራዩ ጠዋት ቡናውን ጠጥቶ ሲልክልሽ ወንድምሽ ገና ማታ ላይ ነው። ስለዚህ ካርዱ አስቀድሞ ባንቺ አካውንት ላይ ተመዝግቦ፣ ማንነትሽም በፓስፖርትሽ ተረጋግጦ ይጠብቅ። ቤቱ የሚያዘው በምታርፊው በራስሽ ስም ይሁን፤ ሪሴፕሽን ላይ የሚጠየቀው ያንቺ ፓስፖርት ነው። ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ የመጨረሻውን ድምር አንብቢ፤ የኤርቢኤንቢ የአገልግሎት ክፍያ አከራዩ ከጻፈው ዋጋ በላይ ሊመጣ ይችላል።

የወንድምሽን ሐሳብ በተመለከተ፣ አሳቢነቱ ይገባኛል፣ ግን አይሁን። እኔ ባለቤቴን ይዤ እዚያው ባንኮክ አምስት ሳምንት ስቀመጥ የመጀመሪያውን ሳምንት በኤርቢኤንቢ በኩል፣ የቀረውን በእጅ ከፍዬ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኤርኮንዲሽነሩ ቆመ። አከራዩ «ሰው እልካለሁ» እያለ አራት ቀን አቆየን፤ ባለቤቴ የተሰፋ ቁስሉ በላብ ርሶ፣ እኔ እርጥብ ፎጣ እየቀያየርኩ አደርን። የምናመለክትበት ቦታ አልነበረንም፣ ምክንያቱም በወረቀት ላይ ከሳምንቱ በኋላ እዚያ ቤት አልነበርንም። ከኤርቢኤንቢ ውጭ ክፍያ መጠየቅም መቀበልም የድርጅቱን ደንብ ይጥሳል፤ ችግር ቢመጣ ጥበቃው ቀረ ማለት ነው። አከራዩ ራሱ ስልኩን ሰጥቶ በካሽ እንስማማ ካለሽ ሌላ ቤት ፈልጊ።

ከሁሉ በላይ የምሰጋልሽ ግን የቀዶ ሕክምናው ቀን ቢቀየር ነው። 28 ሌሊትና ከዚያ በላይ ሲያዝ የስረዛ ደንቡ ከአጭር ቆይታው የተለየ ነው። በአብዛኛው ከመግቢያው 30 ቀን ቀድመሽ ካልሰረዝሽ የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ክፍያ አይመለስም፤ ያ ላንቺ ጠቅላላ ገንዘቡ ነው። ገጹ ላይ የስረዛ ደንቡን ቀንሽን አስገብተሽ አንብቢ፣ ለቆይታሽ የሚሠራው ያኔ ነው የሚወጣው። ከሆስፒታሉ የተረጋገጠ ቀን በጽሑፍ ሳታገኚም አትክፈዪ። አከራዩ በዋጋው ከተስማማ በኋላ፣ ከመክፈልሽ በፊት፣ ይህን ጻፊለት፦ «ሆስፒታሉ ቀኑን በአንድ ሳምንት ቢገፋው፣ ቤቱ ክፍት ከሆነ የቀን ለውጡን ይቀበሉልኛል?» መልሱ «አዎ» ከሆነ እዚያው መስመር ላይ ተጽፎ ይቀርልሻል። ቅናሽ ላይ 1,000 ባት ከመጨመር ይህን አንድ «አዎ» ማግኘት ይበልጥብኛል።

መብራቱን ጠይቂ ያልኩሽ ታይላንድ ውስጥ ወር ለሚቀመጥ ሰው በቆጣሪ ለብቻው ማስከፈል የተለመደ ስለሆነ ነው። በጁን ሙቀት ቀዶ ሕክምና ላደረገች ሴት ኤርኮንዲሽነሩ ሌት ተቀን ነው የሚሠራው። «ለብቻው ነው» ካለሽ በአንድ ዩኒት ስንት ባት እንደሚያስከፍል ይጻፍልሽ፤ በመንግሥት ዋጋ የሚያስከፍል አለ፣ ከዚያ አብልጦ የሚያስከፍልም አለ። በገባሽ ሰዓት ቆጣሪውን ፎቶ አንሺና በመስመሩ ላይ ላኪለት።

ሌላው ቲ.ኤም. 30 የሚባለው ቅጽ ነው። ቤቱ የውጭ አገር ሰው ያሳደረ ባለቤት በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ሕክምናው ረዝሞ ቪዛ ማራዘም ቢያስፈልጋችሁ የዚያ ደረሰኝ ይጠየቃል። ዋጋው ካለቀ በኋላ «ቲ.ኤም. 30 ያስመዘግቡልናል?» ብለሽ ጠይቂው። ሕጋዊ አከራይ ወዲያው እሺ ይላል፤ የሚሸሽ ካለ ሕንፃውም አያውቀው ይሆናል ብለሽ ጠርጥሪ።

ቡናውን ቆልተሽ ያዢ። ኮንዶዎቹ ውስጥ የጭስ መጠቆሚያ አለ፤ እጣኑንም እዚያው አገርሽ ተዪው፣ እናትሽ ብታዝንም።

መልእክቱን ላክሽና አንድ ቀን ሙሉ ዝም ካለሽ፣ ያንኑ መልእክት በዚያው ሰፈር ላሉ ሁለት ሌሎች አከራዮች ላኪ፤ ቁጥሩን እንደየገጻቸው እየቀየርሽ። ጠይቆ መልስ መጠበቅ ያለ ክፍያ ነው። የመጀመሪያው በኋላ ቢመልስና ሌላውን ከያዝሽ፣ «አመሰግናለሁ፣ ሌላ ቤት ይዘናል» ብለሽ ዝጊለት። ሐኪሙ ተጨማሪ ሳምንት ካለሽ ደግሞ ጁላይ 8ን አትጠብቂ፤ በቀጠሮው ዕለት፣ ከሆስፒታሉ ሳትወጪ፣ ከያዝሽው ቤት ገጽ ላይ የቀን ለውጥ ጥያቄ ላኪለት፣ ሌላ እንግዳ ቀጣዩን ሳምንት ሳይዘው።